ቻርቱ 100 ይላል፣ ጌሙ ግን ይቆራረጣል፦ የቤንችማርክ ቻርት አነባበብ ችግርና መፍትሄ

ሰዎች ኮምፒውተር ይዘው ሲመጡ ወይም ስክሪንሾት ሲልኩልኝ ቅሬታቸው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። "ቻርት ላይ 100 ፍሬም ያወጣል ተብሎ የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ እኔ ጋ ሲደርስ ይቆራረጣል።" ካርዱን ፈትሼ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። ካርዶች ጌም ላይ በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ምስል፣ እንደሚያወጡ የሚያወዳድረውን የቤንችማርክ ቻርት አየዋለሁ፣ እሱም ትክክል ነው። ሰውየው ያነበበው ግን አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። ከጎኑ የነበረውን፣ ችግሩን አስቀድሞ የሚናገረውን ቁጥር ዘሎታል።

ከታች ያለውን በምልክት በምልክት ነው የጻፍኩት። ድራይቨሩ መታደሱን፣ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ አለመጋላቸውን፣ ሞኒተሩ በሙሉ ኸርዙ ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላየ ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

ምልክት፦ አማካዩ ከፍ ያለ ነው፣ ጌሙ ግን ይቆራረጣል

አስር ሰው ከመጣ ሰባቱ ይዞ የሚመጣው ይህን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

መንስኤው አማካዩ የሚሰላበት መንገድ ነው። የወጡት ፍሬሞች በሙሉ ይቆጠሩና ለፈጀው ሰከንድ ይካፈላሉ። በ60 ሰከንድ ውስጥ 6000 ፍሬም ከወጣ አማካዩ በሰከንድ 100 ፍሬም፣ ማለትም 100 ኤፍፒኤስ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ፍሬሞቹ እኩል ተራርቀው ቢመጡም፣ ሲጣደፉና ሲዘገዩ ተዘበራርቀው ቢመጡም ውጤቱ ያው 100 ነው።

ዓይንና እጅ ግን ፍሬም አይቆጥሩም። እነሱ የሚሰማቸው አንዱ ፍሬም ከታየ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጥበቃ ነው። ይህ ጥበቃ የፍሬም ጊዜ ይባላል። የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ ነው። ከኤፍፒኤስ ወደ ፍሬም ጊዜ ለመቀየር 1000ን በኤፍፒኤሱ ማካፈል ነው። 60 ኤፍፒኤስ ማለት 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። 100 ኤፍፒኤስ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። 20 ኤፍፒኤስ ደግሞ 50 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ቻርት ስታዩ ይህን ስሌት በጭንቅላታችሁ መስራት ልመዱ፤ ብዙ ነገር ይገልጥላችኋል።

ሁለት ኮምፒውተሮች እናስብ። ሁለቱም ላይ አንድ ጌም ለ60 ሰከንድ ለካን።

የመጀመሪያው 6000 ፍሬም አወጣ። ከነዚህ ውስጥ 5940ዎቹ እያንዳንዳቸው 9.6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወሰዱ። ቀሪዎቹ 60 ፍሬሞች ግን እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሰከንድ ፈጁ። ስትደምሩት 57 ሰከንድና 3 ሰከንድ፣ በድምሩ 60 ሰከንድ ነው። አማካዩ 100 ኤፍፒኤስ ይወጣል።

ሁለተኛው 5400 ፍሬም ብቻ አወጣ። አብዛኞቹ 11.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወሰዱ። እጅግ ዘገምተኛ የሆኑት 54 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 14.3 ሚሊ ሰከንድ ፈጁ። አማካዩ 90 ኤፍፒኤስ ነው።

አማካዩን ብቻ የሚያሳይ ቻርት ላይ የመጀመሪያው አሸናፊ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ስትጫወቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። 60ዎቹ ዘገምተኛ ፍሬሞች በየሰከንዱ አንድ አንድ እየሆኑ ቢመጡ፣ በየሰከንዱ ምስሉ ለ50 ሚሊ ሰከንድ ቀጥ ይላል። 144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ይህ ማለት ሞኒተሩ ያንኑ ምስል 7 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ያሳያል ማለት ነው። ማውሱን ወደ ጎን እየጎተታችሁ ዞር ስትሉ ዕይታው ቆም ይልና ዘሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ከ11.1 ወደ 14.3 የሚደረገውን ለውጥ ብዙ ሰው ልብም አይለው።

1% ሎው የሚባለው ቁጥር የመጣው ይህን ለማሳየት ነው። ፍሬሞቹ ከዘገምተኛው ጀምሮ ይደረደራሉ። ከላይ ያሉት 1 ፐርሰንቶቹ ይወሰዳሉ። የነሱ ጊዜ ወደ ኤፍፒኤስ ይመለሳል። የመጀመሪያው ኮምፒውተር 1% ሎው 20 ነው። የሁለተኛው 70 ነው። አማካዩ ላይ በ10 የተበለጠው ኮምፒውተር እዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። እኔ ብሆን ያለምንም ማመንታት የምወስደው ሁለተኛውን ነው።

እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ መለካት በግምገማ ጽሑፎች ውስጥ መስመር የያዘው ስኮት ዋሰን ቴክ ሪፖርት በተባለው ድረ ገጽ ላይ በ2011 ከጻፈ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢ የሚያገኘው አማካዩን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም አማካዩን ብቻ ለጥፎ "ተመልከቱ" የሚል ሰው አለ። እንዲህ ዓይነት ቻርት ሳይ በጣም እበሳጫለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ልጅ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ካርድ ገዝቶ መጣ። ከመግዛቱ በፊት ይህን ካርድ ከ16 ጊጋባይቱ ወንድሙ ጋር አወዳድሯል። ቻርቱ ላይ አማካዩ 76 እና 78 ነበር። "በሁለት ፍሬም ምን አጣላኝ" ብሎ ርካሹን ወሰደ። ቤቱ ሲጫወት ግን አዲስ ሰፈር ውስጥ በገባ ቁጥር ጌሙ ይንቀራፈፋል። ዞር ሲል ቀጥ ይላል። "ጋሼ፣ ፎርጅድ ካርድ ነው የሸጡልኝ" አለኝ።

ያየውን ቻርት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ስልኩ ላይ ነበር። ከረጅሙ አሞሌ ሥር አጭርና ፈዘዝ ያለ ሌላ አሞሌ አለ፤ 1% ሎው ነው። የ16 ጊጋባይቱ 61 ይላል። የ8 ጊጋባይቱ 29። ልጁ አጭሩን አሞሌ ጭራሽ አላየውም ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ወደ ሚሊ ሰከንድ ቀይሬ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አንዱ 16.4፣ አንዱ 34.5። ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ።

ምን እየሆነ እንደነበር ላስረዳ። ጌሙ የሚፈልገው ቴክስቸር፣ ማለትም የግድግዳውና የዕቃው ሁሉ ገጽ ምስል፣ ካርዱ ላይ ካለው ሚሞሪ ሲበልጥ የተረፈው የኮምፒውተሩ ራም ውስጥ ይቀመጣል። ካርዱ ሲፈልገው ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው በፒሲአይኢ መስመር በኩል ሄዶ ማምጣት አለበት። ካርዱ የራሱን ሚሞሪ የሚያነበው በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ጊጋባይት ፍጥነት ነው። በትውልድ 4 ፒሲአይኢ፣ ባለ 8 መስመር ካርድ ላይ ያ መንገድ የሚያሳልፈው በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ዕቃ ካርዱ ውስጥ ሲገኝ ፍሬሙ በጊዜው ይወጣል። ከውጭ ሲመጣ ይዘገያል። የሚዘገዩት ፍሬሞች ጥቂት ስለሆኑ አማካዩን እምብዛም አይነኩትም። 1% ሎውን ግን ያፈርሱታል።

መፍትሄው ሁለት ነው፣ አንዱ አነባበብ ላይ፣ አንዱ ማሽኑ ላይ።

አነባበብ ላይ፦ ቻርት ስትከፍቱ መጀመሪያ 1% ሎውን እዩ። ወደ ሚሊ ሰከንድ ቀይሩት። ከዚያ አማካዩን እዩ። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እዩ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። 1% ሎው የአማካዩን ሁለት ሦስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አልጨነቅም። ከግማሽ በታች ከወረደ ምክንያቱን ሳላውቅ ለማንም ግዛ አልልም። ሕግ አይደለም፤ አንዳንድ ጌሞች በማንኛውም ማሽን ላይ ይቆራረጣሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ካርዶችም እዩ። ሁሉም ላይ ርቀቱ ሰፊ ከሆነ ጥፋቱ የጌሙ ነው። አንዱ ካርድ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የካርዱ ነው።

ማሽኑ ላይ፦ ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ መንስኤውን በሁለት ሙከራ መለየት ይቻላል። መጀመሪያ የቴክስቸር ሴቲንጉን ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ሌላ ምንም አትንኩ፤ ጌሙን ዘግታችሁ ክፈቱና ለኩ። አማካዩ እዚያው ሆኖ 1% ሎው ከፍ ካለ የካርዱ ሚሞሪ ነው የሞላው። የልጁ ካርድ ላይ ያደረግነው ይህን ነው። 1% ሎው ከ29 ወደ 54 ወጣ፣ አማካዩ በአንድ ፍሬም ብቻ ጨመረ። ካርዱ ፎርጅድ አልነበረም።

ቴክስቸሩ ለውጥ ካላመጣ ወደ ሁለተኛው ሙከራ እለፉ። ሬዞሉሽኑን ዝቅ አድርጉ። አማካዩ ቢጨምርም ባይጨምርም፣ 1% ሎው ካልተንቀሳቀሰ የሚያዘገየው ግራፊክስ ካርዱ አይደለም። ፕሮሰሰሩና ራሙ በኩል ነው ያለው። እዚህ ላይ ደጋግሜ የማገኘው በአንዲት የራም ቁራጭ ብቻ የሚሠራ ማሽን ነው። አንዷን 16 ጊጋባይት አውጥቶ ሁለት ባለ 8 ማስገባት የመረጃውን መንገድ በእጥፍ ያሰፋዋል። ሌላው የማገኘው ደግሞ ራሙ ባዮስ ውስጥ በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሠራ ሳይከፈት የቀረ ማሽን ነው። ፈጣን ራም ሸጦ በዝግታ እንዲሠራ ትቶ የሚያስረክብ ገጣጣሚ ያሳዝነኛል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይሩ። ቴክስቸርም፣ ጥላም፣ ሬዞሉሽንም በአንድ ላይ አውርዶ "ተስተካከለ" የሚል ሰው ምን እንዳስተካከለ አያውቅም። በሚቀጥለው ጌም ተመልሶ ይመጣል።

ምልክት፦ አንድ ካርድ፣ አንድ ጌም፣ ሁለት ቻርት፣ የ1% ሎው ቁጥር ግን የማይገናኝ

ከመጀመሪያው ቀጥሎ የሚበዛው ይህ ነው። አንዱ ገምጋሚ 50 ይላል፣ ሌላው 30 ይላል። አማካያቸው ግን እኩል ነው። ሰው ወዲያው "አንዱ ተከፍሎት ነው" ይላል።

ብዙውን ጊዜ ማንም አልዋሸም። 1% ሎው የሚባለው ስም አንድ ይሁን እንጂ የሚሰላበት መንገድ ቢያንስ ሦስት ነው። ራሴ በቁጥር ሠርቼ እስካየው ድረስ ልዩነቱ ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እናንተም አብራችሁኝ ሥሩት።

በ60 ሰከንድ 6000 ፍሬም ወጣ እንበል። አማካዩ 100 ነው። 10 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሰከንድ ፈጁ። 200 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊ ሰከንድ ፈጁ። የተቀሩት 5790ዎቹ 9.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ድንበሩን ይወስዳል። ከዘገምተኛው ጀምሮ ሲደረደር 60ኛው ፍሬም ላይ ቆሞ ጊዜውን ያነባል። 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። 1% ሎው 50 ይሆናል። ይህ መንገድ ከድንበሩ በላይ ያሉት ፍሬሞች ምን ያህል መጥፎ እንደሆኑ አይጠይቅም። 10ሩ ፍሬሞች 100 ሚሊ ሰከንድ ሳይሆን ግማሽ ሰከንድ ቢፈጁ ኖሮ እንኳን ያው 50 ይል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የ60ዎቹን አማካይ ይወስዳል። 10 ፍሬሞች በ100፣ 50 ፍሬሞች በ20 ሲባዙ ድምሩ 2000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለ60 ሲካፈል 33.3። 1% ሎው 30 ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ፍሬም ሳይሆን ጊዜ ይቆጥራል። የ60 ሰከንድ 1 ፐርሰንት 600 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዘገምተኛው ጀምሮ እየደመረ 600 ሲሞላ ያረፈበትን ፍሬም ይወስዳል። ስድስት ባለ 100 ፍሬሞች ላይ ሞላ። 1% ሎው 10 ይሆናል።

ከአንድ ልኬት 50፣ 30 እና 10 ወጣ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱም ስማቸው 1% ሎው ተብሎ ቻርት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። `CapFrameX` የተባለው መለኪያ እነዚህን ለየብቻ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ የትኛውን እንደምታዩ መምረጥ የእናንተ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን የትኛውን እንደተጠቀሙ ሳይናገሩ ቁጥሩን ብቻ ይሰጣሉ።

መፍትሄው ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሠሩትን 1% ሎው ፈጽሞ አለማወዳደር ነው። በአንድ ቻርት ውስጥ ያሉትን ካርዶች እርስ በርስ አወዳድሩ። ከሌላ ቻርት ጋር ማገናኘት ካስፈለጋችሁ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ውሰዱ፦ "እዚህኛው ላይ ካርድ ሀ ከካርድ ለ በ20 ፐርሰንት ይበልጣል፣ እዚያኛውስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ገምጋሚው አሠራሩን የጻፈበት ገጽ ካለው አንብቡት። አሠራሩን ጨርሶ የማይገልጽ ሰው ቻርት ላይ ገንዘቤን አላወጣም።

ራሳችሁ የለካችሁትን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀላል ነው። `PresentMon` የተባለው መለኪያ እያንዳንዱን ፍሬም በሲኤስቪ ፋይል ያስቀምጣል። `MsBetweenPresents` የሚለውን ዓምድ ኤክሴል ላይ ወደ ዓምድ A ገልብጡት። ለ6000 ፍሬም ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው። ከላይ ወደ ታች አማካዩ፣ የድንበሩ 1% ሎው፣ የዘገምተኞቹ አማካይ የሆነው 1% ሎው ናቸው።

```
=1000/AVERAGE(A2:A6001)
=1000/PERCENTILE.INC(A2:A6001,0.99)
=1000/(SUMPRODUCT(LARGE(A2:A6001,ROW($1:$60)))/60)
```

60 የሚለው የ6000 1 ፐርሰንት ነው። የፍሬሞቻችሁ ብዛት ሌላ ከሆነ ሁለቱንም 60 እና `A6001` የሚለውን ቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ እያንዳንዱን ፍሬም መጀመሪያ ወደ ኤፍፒኤስ ቀይሮ ከዚያ አማካይ ማውጣት ስህተት ነው። ግማሹ ፍሬም 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ግማሹ 30 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን እውነተኛው አማካይ 50 ኤፍፒኤስ ነው። ቀይሮ የሚያሰላ ሰው ግን 100ንና 33.3ን አማክሎ 66.7 ያገኛል። 17 ፍሬም ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ይህን ስህተት ሠርተው ቻርት ያወጡ ሰዎች ፋይል በእጄ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ሚሊ ሰከንዱን አማክሉ፣ ከዚያ በመጨረሻ አንዴ ብቻ ቀይሩ።

ምልክት፦ ራሴ ስለካው 1% ሎው በየጊዜው ይቀያየራል

አማካዩ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቴም 92 ገደማ ነው። 1% ሎው ግን አንዴ 48፣ አንዴ 66፣ አንዴ 64። ሰው ማሽኑ የታመመ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የመጀመሪያውን ልኬት ጣሉት። ብዙ አዳዲስ ጌሞች ሼደር የሚባሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች የሚያዘጋጁት መጀመሪያ ሲያስፈልጓቸው ነው። አንድ ፍንዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ሲታይ ሼደሩ እስኪዘጋጅ ፍሬሙ ይጠብቃል። ሁለተኛ ጊዜ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ድራይቨር ስታድሱ ደግሞ የተቀመጠው ይሰረዝና እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ "ድራይቨር ካደስኩ ወዲህ ተበላሸ" የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ "ሁለተኛ ዙር ተጫውተሃል ወይ?" እለዋለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የልኬቱ ማጠር ነው። በ60 ኤፍፒኤስ ለ20 ሰከንድ ብትለኩ የምታገኙት 1200 ፍሬም ነው። 1 ፐርሰንቱ 12 ፍሬም ብቻ ነው። አንድ የጀርባ ፕሮግራም ብቅ ብሎ ሦስቱን ቢያዘገይ ቁጥራችሁ ይናጋል። 0.1% ሎው የሚባለው ደግሞ በዚህ ልኬት ላይ አንድ ፍሬም ነው። አንድ! በአንድ ፍሬም ላይ ተመርኩዞ ካርድ የሚያወዳድር ቻርት አይቼ አውቃለሁ። ቢያንስ 60 ሰከንድ ለኩ፤ አንድ ዓይነት መንገድ ላይ፣ ከአንድ ሴቭ ተነስታችሁ፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን ማሞቂያ ሳይቆጥር ሦስት።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁለት ቀን ሙሉ አድክሞኛል። አንድ ጓደኛዬ አማካዩ 160፣ 1% ሎው 38 የሆነ ውጤት ላከልኝ። ራሙን ቀያየርን። ዊንዶውስ እንደገና ጫንን። ለውጥ የለም። በመጨረሻ የፍሬም ጊዜውን መስመር ስዘረጋው መጀመሪያው ላይ ለ15 ሰከንድ ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ 2 ሚሊ ሰከንድ ላይ ተኝቷል። ከዚያ አንድ ትልቅ ስፒል መሰል ዘንግ ወደ ላይ ተተኩሷል። ከዚያ 12 ሚሊ ሰከንድ ላይ ተረጋግቶ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ጌሙ ሜኑ ላይ እያለ የተለካ ነበር። ዘንጉ ደግሞ ሎዲንግ ነው። ሜኑው አማካዩን ሰቀለው፣ ሎዲንጉ 1% ሎውን ጣለው። ማሽኑ ምንም አልነበረበትም። መለኪያውን ስትጀምሩ ገጸ ባሕርያችሁ መሬት ላይ ቆሞ መንቀሳቀስ የሚችል መሆን አለበት። ሎዲንግ ከመምጣቱ በፊትም አቁሙት።

ምልክት፦ አንዱ አሞሌ የሌላውን እጥፍ ያህል ይረዝማል

የአሞሌው መነሻ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። 140 እና 147ን ከ130 የሚጀምር መስመር ላይ ብትስሏቸው አንዱ 10፣ አንዱ 17 ይረዝማል። ዓይን ትልቅ ልዩነት ያያል፤ ቁጥሩ ግን 5 ፐርሰንት ነው። ርዝመቱን ሸፍናችሁ ቁጥሩን ብቻ አንብቡ።

ምልክት፦ ሁሉም ካርዶች እኩል ናቸው

ውዱም ርካሹም 1080p ላይ 141፣ 142፣ 143 እያሉ ይደረደራሉ። "እንግዲያው ርካሹ ይበቃል" የሚል ድምዳሜ ላይ አትድረሱ። ካርዶቹ ሁሉ ፕሮሰሰሩን እየጠበቁ ነው። ቻርቱ እየነገራችሁ ያለው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። የካርዶቹን ልዩነት ለማየት የ1440p ወይም የ4K ገጹን ክፈቱ። በተቃራኒው ፕሮሰሰር ለማወዳደር የ4K ቻርት አትዩ፣ እዚያ ሁሉም ካርዱን ይጠብቃል።

ሁሉም በትክክል 60 ወይም 144 ላይ ከቆሙ ደግሞ ገደብ ሳይነሳ የተለካ ነው። ቪሲንክ ወይም የፍሬም ገደብ በርቶ ቀርቷል። ያ ቻርት ለምንም አይሆንም።

ምልክት፦ አማካዩ በእጥፍ ጨመረ፣ እጄ ላይ ግን አልፈጠነም

ከቻርቱ ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። ፍሬም ጄኔሬሽን በርቶ ይሆናል። ይህ ዘዴ ጌሙ ከሠራቸው ሁለት ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ሠርቶ ያስገባል። ምስሉ ይለሰልሳል፣ የሚቆጠረው ቁጥርም ይጨምራል። ጌሙ የማውሳችሁን እንቅስቃሴ የሚቀበለው ግን በራሱ ፍሬሞች ላይ ብቻ ነው። እንዲያውም መካከለኛውን ለመሥራት ቀጣዩን መጠበቅ ስላለበት ምላሹ ትንሽ ይዘገያል። በ40 የሚሠራ ጌም ቻርት ላይ 75 ሲባል እጃችሁ የሚሰማው ያው 40ው ነው፣ ወይም ትንሽ ከዚያ በታች።

ፍሬም ጄኔሬሽን የበራበትን አሞሌ ካልበራበት ጋር በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ሰው ማሳሳት ነው። ይህን እጠላለሁ። የአንዱን ካርድ በርቶ፣ የሌላውን ጠፍቶ ካያችሁት ቻርቱን ዝጉት። አፕስኬሊንግም እንዲሁ ነው፤ 4K ተብሎ ተጽፎ ጌሙ በውስጡ የሚሠራው በ1440p ሊሆን ይችላል። ሁሉም ካርዶች ላይ እኩል መብራቱን አረጋግጡ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

"ሚኒመም" የሚል አሞሌ ካያችሁ እለፉት፤ የአንዲት ክፉ ፍሬም ዕድል ነው።

1% ሎው ከአማካዩ የሚበልጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስሞቹ ተቀያይረዋል። በድንበር የሚያሰላ ፕሮግራም ላይ ግን ሌላም ምክንያት አለ፦ ጌሙ መሃል ላይ ለብዙ ሰከንድ ደርቆ ነበር።

አማካዩም 1% ሎውም ጥሩ ሆኖ አሁንም ከተቆራረጠ የፍሬም ጊዜውን መስመር ዘርጉ። 1% ሎው ዘገምተኞቹ ፍሬሞች መቼ እንደመጡ አይናገርም። 60ው በአንድ ላይ ተከታትለው ቢመጡና በየሰከንዱ ተበታትነው ቢመጡ ቁጥሩ አንድ ነው። ወይም ደግሞ ፍሬሞቹ አንዱ 8፣ አንዱ 14፣ አንዱ 8፣ አንዱ 14 እያሉ ይፈራረቁ ይሆናል። 14 ሚሊ ሰከንድ ወደ ኤፍፒኤስ ሲቀየር 71 ስለሆነ ቁጥሩ ያማረ ነው፤ መስመሩ ግን የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ጌሙ ያለ ችግር በሚደርስበት ፍጥነት፣ ለምሳሌ 70 ላይ፣ የፍሬም ገደብ አድርጉና መስመሩን እንደገና ዘርጉ። ጥርሱ ጠፍቶ መስመሩ ከተኛ አገኛችሁት።